የጆሮ መስሚያ ባትሪ ስቲከሩን እንደላጣችሁ ወዲያው አትክተቱት
እናቴ የጆሮ መስሚያዋን ባትሪ በቀየረች ቁጥር "ይሄም ሞቷል" ትልና አዲሱን ትጥለው ነበር፣ ለካ ችግሩ መቸኮሏ ነው። የሷ ባትሪ ቡኒ ስቲከር ያለው መጠኑ 312 የሚባለው ነው፣ ስቲከሩ ሲላጥ ከስሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ በነሱ አየር ገብቶ ኦክስጅኑ ውስጥ ካለው ዚንክ ጋር ሲገናኝ ነው ኃይል የሚሰጠው፣ ስለዚህ ልጣችሁ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ ከተቻለ እስከ አምስት ደቂቃ ተዉት። ወዲያው ከታችሁ ከዘጋችሁት አየሩ በደንብ ሳይገባ ቮልቴጁ ዝቅ እንዳለ ስለሚሆን መሣሪያው አልነሳ ይላል፣ ወይ ባትሪ አለቀ የሚለውን ድምፅ ያሰማል። ደሞ አንዴ ከተላጠ ስቲከሩን መልሳችሁ ብትለጥፉትም ማለቁን አያቆምም፣ የምትጠቀሙበት ቀን ብቻ ላጡት።