«ትንሽ ቀንሱልን» ያልሠራበት ኢንቮይስ

ፒያሳ ያለ ማተሚያ ቤት ለ1,000 ካታሎግ ከነቫቱ የ92,000 ብር ኢንቮይስ ላከልን። 250ው ግን ቀለሙ ተበላሽቷል። «ትንሽ ቀንሱልን» ብዬ ኢሜይል ብልክ «ሙሉውን ክፈሉ» አሉ። ፎቶ አያይዤ ረጅም ቅሬታ ስጽፍ ደግሞ ጭራሽ ዝም።

የሠራው ሂሳቡን ለይቶ ማሳየት ነው፦

«ደህና የታተሙት 750 ካታሎጎች በ80 ብር 60,000፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 69,000 ብር ይሆናሉ። ይህ የኢንቮይሱ ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ መሆኑን እስከ ዓርብ በጽሑፍ ካረጋገጣችሁልን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እናስገባለን። ለቀሪው 23,000 ብር ክሬዲት ኖት ላኩልን።»

በማግስቱ ተስማሙ። ማረጋገጫው ሳይደርሳችሁ ግን ብሩን እንዳትልኩ። እንደ ከፊል ክፍያ ይዘውት ቀሪውን ሊጠይቁ ይችላሉ። ክሬዲት ኖቱንም አስታውሱ፤ ካልተቆረጠ 23,000ው መዝገባቸው ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል።