ውል ስታቋርጡ የካሳ መብታችሁ እንዳይቀር ደብዳቤውን እንዴት ትጽፋላችሁ?

ፍኖተ ሰላም ላይ ሕንጻ የሚያሠራ ሰው ከአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ጋር ውል አለው እንበል። 20 መስኮት እያንዳንዱ በ18,000 ብር፣ 4 በር እያንዳንዱ በ30,000 ብር፣ ድምሩ 480,000 ብር። ቅድሚያ ክፍያ 192,000 ብር ተከፍሏል። ማስረከቢያው ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ለዘገየ በየቀኑ ከጠቅላላ ዋጋው 0.1 በመቶ፣ ማለትም 480 ብር ቅጣት ይላል ውሉ።

ጥር 30 አለፈ። አንድም መስኮት አልመጣም። ሰውየው ተናደደና «ውሉን አቋርጫለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም» ብሎ ሊጽፍ ተነሳ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም በዚህ ምክንያት የተጎዱ ሰዎች ደብዳቤ በእጄ ገብቶ አይቻለሁ። ንዴቱ ልክ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን በኋላ ፍርድ ቤት ላይ «ተፋተናል፣ የምንጠያየቀው የለም» ተብሎ ይነበብበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሥርዓት እንሂድ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 አንዱ ወገን ውሉን ባለመፈጸሙ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «ግዴታህን ፈጽም» ብላችሁ ማስጠንቀቅ እንዳለባችሁ ይናገራል። ቁጥር 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ከዚያ በኋላ የማትቀበሉበትን ጊዜ እንድትቆርጡ ይፈቅዳል፣ ጊዜው ተገቢ መሆን አለበት። ውሉ የቆረጠው ቀን ካለፈ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ (ቁጥር 1775)፣ ግን በዚያ አትመኩ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ከክርክር ይሻላል። የኛ ሰውዬ የካቲት 10 ቀን 15 ቀን ሰጥቶ ጻፈ። ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ በአንድ ፋይል ሰብስባችሁ አንብቡ። ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የማቋረጫ ደብዳቤው የሚቆመው በቀደሙት ደብዳቤዎች ላይ ነው፣ ከእነሱ ውስጥ የራሳችሁን ነገር የሚያፈርስ ካለ ዳኛው ፊት ከመድረሳችሁ በፊት እናንተ ማወቅ አለባችሁ።

የምሳሌያችንን ፋይል ክፈቱ። የካቲት 14 ወርክሾፑ መልስ ጽፏል፣ «የብረት ዋጋ ስለጨመረ በመጋቢት እናስረክባለን» ይላል። የካቲት 20 ስድስት መስኮት አምጥቷል፣ ሰውየውም መረከቢያው ላይ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሟል። የካቲት 27 ደግሞ ወርክሾፑ ደውሎ ሲለምነው ሰውየው በቴሌግራም «እሺ፣ እስከ መጋቢት 10 ይሁን» ብሎ መለሰ። አስቡት፣ ማስጠንቀቂያው የሰጠው ጊዜ የካቲት 25 አልፎ ነበር፣ ውሉን ማቋረጥ ይችል ነበር፣ እሱ ግን በአምስት ቃል አዲስ ቀን ሰጠ።

ያች ቴሌግራም ምን ታደርጋለች? አንደኛ፣ የየካቲት 10 ማስጠንቀቂያን ታዳክማለች። ወርክሾፑ «እሱ ራሱ አራዝሞልኛል» ይላል፣ ይህን ማስተባበል ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ቅጣቱን ትነካለች። ከጥር 30 ውሉን እስከሚያቋርጥበት መጋቢት 25 ብናሰላ 55 ቀን ነው፣ በ480 ብር 26,400 ብር ይመጣል። ወርክሾፑ ግን «ቀኑ ወደ መጋቢት 10 ተዛውሯል» ካለና ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው የሚቆጠረው 15 ቀን ብቻ ነው፣ 7,200 ብር። የ19,200 ብር ልዩነት በአንድ መልእክት።

ይህ ሲገኝ ደብዳቤው ላይ እንደሌለ መዝለል የለበትም። መፍትሔው ሁለት ነው። ጊዜ ስትጨምሩ ያኔውኑ «የመዘግየት ቅጣቱና ሌሎች መብቶቼ እንደተጠበቁ ሆነው እስከ መጋቢት 10 እታገሣለሁ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቴሌግራምም ቢሆን። ያ ካልተደረገ ደግሞ አዲስ ማስጠንቀቂያ ስጡ። የኛ ሰውዬ መጋቢት 12 ቀን በድጋሚ 10 ቀን ሰጥቶ ጻፈ፣ መጋቢት 22 ማለት ነው። አሁን የሚቆምበት አዲስ መሠረት አለው። የተረከባቸው ስድስት መስኮቶችም እንዲሁ ናቸው። ከፊል ሥራ ስትቀበሉ መረከቢያው ላይ «ለዘገየውና ለቀሪው መብቴ ተጠብቆ» ብላችሁ ከፊርማችሁ በላይ በእጅ ጻፉ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

«እንዴ ጋሼ፣ በሰላም እየተነጋገርን ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ሊሏችሁ ይችላሉ። ጎጃም ውስጥ ብዙው ነገር በሽማግሌ የሚያልቅ ስለሆነ እንዲህ መጻፍ እንደ ጠብ ይታያል። አይደለም። ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡም መጠበቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ «ይቅር ተባብለናል፣ ከእንግዲህ አንጠያየቅም» የሚል ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደሚመለስ፣ መቼ፣ በእጅ ወይስ በባንክ የሚለውን አስገቡበት። ያን ወረቀት ከፈረማችሁ በኋላ ደብዳቤያችሁ ላይ የጻፋችሁት መብት መጠበቅ አያድናችሁም።

አሁን የማቋረጫው ደብዳቤ። ራስጌው ግልጽ ነው፦ ቀን፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ»። ቀኑን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር አድርጉ። አንዱን ደብዳቤ በኢትዮጵያ፣ ሌላውን በፈረንጅ ቀን ከጠቀሳችሁ አንባቢ ግራ ይጋባል፣ ተከራካሪውም ይጠቀምበታል።

የመጀመሪያው አንቀጽ የቀደሙትን ይጠቅሳል። «ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ እንዳሳወቅነው» አትበሉ። ዋጋ የለውም። እያንዳንዱን በቀን፣ በቁጥርና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘት ጥቀሱ፣ አባሪም አድርጉ፦

«ህዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት ሥራውን ጥር 30 ማስረከብ ነበረባችሁ። የካቲት 10 በተጻፈ ማስጠንቀቂያ 15 ቀን ሰጥተናል (አባሪ 1)። የካቲት 14 በጻፋችሁት መልስ መዘግየታችሁን አምናችኋል (አባሪ 2)። የካቲት 20 ስድስት መስኮት ብቻ አስረክባችኋል (አባሪ 3)። የካቲት 27 በቴሌግራም እስከ መጋቢት 10 ታግሠናል (አባሪ 4)፤ ይህም ትዕግሥት የቅጣት መብታችንን ለመተው የተደረገ አልነበረም። መጋቢት 12 በተጻፈ ማስጠንቀቂያ 10 ቀን ብንሰጥም አልፈጸማችሁም (አባሪ 5)።»

የወርክሾፑን የየካቲት 14 መልስ አለመርሳት ትልቅ ነገር ነው። ሰው የራሱን ደብዳቤ ብቻ ይደረድራል፣ የሌላው አንድ የእምነት መስመር ግን ከእናንተ አምስት ደብዳቤ ይበልጣል።

ሁለተኛው አንቀጽ አጭር ይሁን፦ «ስለዚህ ከመጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ውሉን አቋርጠናል።» ውላችሁ ራሱ የማቋረጫ አንቀጽ ካለው ቁጥሩን ጥቀሱ። «እንድናቋርጥ እንገደዳለን»፣ «ለማቋረጥ እያሰብን ነው» የሚል ከሆነ አላቋረጣችሁም።

ሦስተኛው መብት የመጠበቂያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ካሳ የመጠየቅ መብቱን የሚሰጣችሁ ደብዳቤው አይደለም። ቁጥር 1790 ውሉ እንዲሰረዝ የጠየቀ ሰው በተጨማሪ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ መጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይላል። ይህ የደብዳቤው አንቀጽ የሚሠራው ዝምታችሁ ወይም ትዕግሥታችሁ መብት እንደመተው እንዳይነበብ ነው። ስለዚህ «መብታችን በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ደረቅ መስመር ብዙ አይረዳም። ምን ምን እንደጠበቃችሁ ዘርዝሩ፦

«ውሉ መቋረጡ የሚከተሉትን የመጠየቅ መብታችንን አያስቀርም፦ ከቅድሚያ ክፍያው ከተረከብናቸው ስድስት መስኮቶች ዋጋ በላይ የሆነውን 84,000 ብር፤ እስከ ውሉ መቋረጥ የተጠራቀመውን የመዘግየት ቅጣት፤ ቀሪውን ሥራ በሌላ ስናሠራ የሚመጣውን የዋጋ ልዩነት፤ በማስረጃ የሚረጋገጥ ሌላ ጉዳት። እዚህ የተጠቀሰው ምክንያት በውሉና በሕጉ ያሉንን ሌሎች ምክንያቶች አያስቀርም።»

84,000ው የመጣው ከ192,000 ላይ ስድስቱ መስኮት 108,000 ሲቀነስ ነው። የታወቀውን በቁጥር፣ ያልታወቀውን በዓይነት ጻፉ። የዋጋ ልዩነቱን ገና ሳታውቁ ቁጥር ከቆረጣችሁ በኋላ ከዚያ በላይ ስትጠይቁ «ያኔ ይህን ብቻ ነው ያልከው» ይባላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ልጨምር። ቅድሚያ ክፍያውን ደብዳቤው ላይ «ቀብድ» አትበሉት፣ ሰፈር ውስጥ ሁሉም እንዲያ ቢለውም። ሕጉ ቀብድን ለብቻው ያየዋል (ከቁጥር 1883 ጀምሮ)፤ የከፈለ ቢያፈርስ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። የእናንተው ደብዳቤ ላይ ቀብድ ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ «አይ፣ ቅድሚያ ክፍያ ነው» ማለት ሌላ ክርክር ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ ላይ ቅጣት ካለ በዚያው ምክንያት ከቅጣቱ በላይ ካሳ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ቅጣቱ ለመዘግየት እንደሆነ፣ የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ ላልተሠራው ቀሪ ሥራ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ቁጥር 1802 ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይሰፋ እንዲጥር ይጠይቃል። ከሌሎች ወርክሾፖች ሁለት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ መስኮት የሌለውን ክፍል ፎቶ አንሡ፣ ለክረምት ሳትደርሱ ቀሪውን አሠሩ። ዝናብ ገብቶ ግድግዳ ካበላሸ በኋላ ያን ሁሉ ከወርክሾፑ ላይ ለመጠየቅ ይከብዳል።

ደብዳቤው ላይ መብቴን ጠብቄያለሁ ማለት የይርጋ ጊዜን አያቆምም። ከውል የሚመነጭ ክስ ሌላ ልዩ ጊዜ ካልተደነገገለት በ10 ዓመት ይታገዳል (ቁጥር 1845)። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ወይም የእናንተ ክስ ነው (ቁጥር 1851)፣ በየዓመቱ ደብዳቤ መጻፍ አይደለም። ለዚህም ነው ያ የየካቲት 14 መልስ ዋናው በእጃችሁ መቀመጥ ያለበት።

አሰጣጡ ቀላል ነው ግን አትሳሳቱበት። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ በአንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ካለ ማህተም አስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩት፣ ደረሰኙን ከቅጂው ጋር አያይዙት። በቴሌግራምም ፎቶውን ላኩ፣ ግን ከወረቀቱ በተጨማሪ እንጂ በሱ ፋንታ አይሁን። ስልክ ሲጠፋ መልእክቱም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቀኑና ስሙ እንዲታይ አድርጋችሁ የየካቲት 27ቱን ንግግር አሳትሙት፣ አባሪ 4 እሱ ነው።