መልሱ ቀድሞ ሲነበብ፦ የአማርኛ ፊልም ሰብታይትል ችግርና መፍትሔ

ምልክት፦ ደብረ ማርቆስ አጠገብ በተቀረጸ ትዕይንት ሽማግሎች ልጅ ሊጠይቁ መጥተዋል። የልጅቱ አባት «የልጃችሁን ጨዋነት ሰምቻለሁ፤ ዘሩንም አጠያይቄያለሁ፤ ልጄን ግን አልሰጥም» ይላሉ። የውጭው ተመልካች ግን ሽማግሎቹ ገና በተስፋ እያዳመጡ ሳለ እምቢታውን አንብቦ ጨርሷል። ፊታቸው ሲለወጥ ምክንያቱ አዲስ አይሆንለትም፤ የትዕይንቱ ጉልበት እዚያው ያልቃል።

መንስኤ፦ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያቆያል። ሰብታይትል ደግሞ እንደ ንግግር ቃል በቃል አይወጣም፤ ሙሉው በአንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ሦስቱ ሐረጎች አንድ ላይ ከተጻፉ መልሱ ከአባትየው አፍ ሳይወጣ ይነበባል።

መፍትሔ፦ ሰብታይትሉን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሳይሆን ዜናው በሚገለጥበት ቦታ ቁረጡት። ሁለተኛው «ልጄን ግን» ሲባል ይግባ፤ አባትየው ከ«ግን» በኋላ ዝም ካሉ መግቢያውን እስከ «አልሰጥም» ድረስ አዘግዩት።

```
212
00:41:10,000 --> 00:41:14,200
I have heard your son is well-mannered.
I have asked about his family.

213
00:41:14,300 --> 00:41:16,400
But he will not have my daughter.
```

ልኩን እንፈትሽ። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ወሰን በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር፣ በመስመር ክፍት ቦታን ጨምሮ 42 ፊደል፣ በሰከንድ 17 ፊደል ገደማ ነው። የመጀመሪያው 69 ፊደል በ4.2 ሰከንድ ስለሚነበብ በሰከንድ ከ17 በታች ነው፤ ሁለተኛውም 33 ፊደል በ2.1 ሰከንድ ስለሆነ ይበቃል። ፊልሙን የምትልኩለት ፌስቲቫል የራሱን መመሪያ ከላከ ግን የእሱ ይቅደም።

«ዘሩን» የሚለውን መዝገበ ቃላት አይቶ የቆዳ ቀለም ወደሚያስመስል ቃል መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። አባትየው የሚያጣሩት ቤተሰቡን፣ ዝምድና መኖር አለመኖሩን ነው፤ ስለዚህ «ቤተሰቡን» የሚለው ይበቃል። ከዚያ በፊት የሚለዋወጡት ረጅም ሰላምታም ሁሉ መተርጎም የለበትም። የመጀመሪያውን ጻፉ፣ የሚደጋገመውን ተዉት፤ ተመልካቹ ፊታቸውንና እጅ አነሣሣቸውን ይይ።

ምልክት፦ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ሰብታይትል ወደ መጨረሻ እየራቀ ይሄዳል።

መንስኤና መፍትሔ፦ ስሕተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ፊልሙ ፊት ላይ ርዕስ ወይም አርማ ተጨምሮበታል፤ ሁሉንም በዚያው ልክ ግፉት። እያደገ ከሄደ ግን የፍሬም ፍጥነቱ ተቀይሯል። በሰከንድ በ25 ፍሬም የተቆረጠ ፊልም ለሲኒማ ፋይል ወደ 24 ሲወርድ 60 ደቂቃው 62.5 ደቂቃ ይሆናል፤ ያልተስተካከለው ሰብታይትል እዚያ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቀድማል። ይህን በመግፋት ማስተካከል አይቻልም። በSubtitle Edit ውስጥ Change frame rate የሚለውን ከፍታችሁ ከ25 ወደ 24 ቀይሩ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ንግግር ከድምፁ ጋር አመሳክሩ።