ፔስሜከር ተገጥሞላችሁ ቤት ስትገቡ ክንዳችሁን እንዲህ ያዙት

ፔስሜከር የልብን ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በደም ሥር አልፎ ልብ ውስጥ ይገባል። የሽቦው ጫፍ በደንብ እስኪጸና ድረስ፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በዚያ በኩል ያለውን ክርን ከትከሻ በላይ አታንሱ፤ ከባድ ነገርም አትሸከሙበት። ልብስ ማስጣትና ከቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ማውረድ ለሌላ ሰው ይቅር። ሐኪማችሁ ሌላ ጊዜ ከወሰነ የእሱን ተከተሉ።

እናቴ ግን ከዚህም አልፋ፣ ሽቦው እንዳይነቀል ፈርታ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ሦስት ሳምንት ከረመች። ሽቦው ደህና ነበር፤ ትከሻዋ ግን ደርቆ ቀሚስ ማጥለቅ አቃታት። ስለዚህ ከትከሻ በታች ክንዳችሁን በየቀኑ አንቀሳቅሱ፤ መብላቱም፣ ፊት መታጠቡም፣ ቡና መቅዳቱም ይቻላል።

ሽቦው ከቦታው ከተንሸራተተ የድሮው ማዞር ሊመለስ ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሽቦው ሌላ ጡንቻ እየነካ የማያቆም ስቅታ ያመጣል። ይህ ከታየ፣ ወይም ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካወጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። ራስን መሳት ከመጣ ግን ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጠራ። እብጠቱን ማንም በመርፌ እንዳይነካው፤ ኢንፌክሽን መሣሪያው ድረስ ሊገባ ይችላል።