ጭንቀቴ ከዋሻው በፊት ነበር የሚጀምረው

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስሄድ የሚያስጨንቀኝ የጣርማበር ዋሻ ይመስለኝ ነበር። ማስታወሻ ስይዝ ግን ሌላ ነገር ታየ። ጭንቀቱ ሲነሳ እዚያው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያሰብኩትንና የበላሁ የጠጣሁትን እጽፋለሁ። ከ0 እስከ 10 ቁጥርም እሰጠዋለሁ። ማታ ላይ ቢጻፍ የሚታወሰው የባሰው ብቻ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ገጾቹን አስተያየሁ። መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ 8፣ ዋሻው ውስጥ 4! 8 የደረሰውም በባዶ ሆዴ ቡና በደጋገምኩባቸው ጠዋቶች ነው። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብዬ፣ ሌላውን ሳልነካ ቡናውን ብቻ ከቁርስ በኋላ አደረግኩት። ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ፤ እዚያው ቆየ። የቀረው «መሀል መንገድ ቢያመኝስ?» የሚለው ሐሳብ ነው። ለእሱ ደብተሩን ይዤ ባለሙያ ጋ ሄጃለሁ።