የማሞግራም ውጤት ወረቀትን እንዴት እናንብብ? ፊደሉ ሌላ፣ ቁጥሩ ሌላ

ማሞግራም የጡት ራጅ ነው። ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነበው እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ነው። ዘመድ «ሲ» የሚል ፊደል አይቶ «ሦስተኛ ደረጃ ካንሰር ነው» ብሎ ቤቱን ያስለቅሳል። ወይም «0» አይቶ «ምንም የለም» ይልና ወረቀቱ ሳጥን ይገባል። ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል።

1. ከታች ጀምሩ። «ኢምፕሬሽን» በሚለው ርዕስ ሥር «ባይራድስ» ከሚል ቃል ጋር ከ0 እስከ 6 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

2. ፊደሉን ለብቻው አንብቡ። ከኤ እስከ ዲ ያለው ፊደል የጡትን ጥግግት ይገልጻል እንጂ የበሽታ ደረጃ አይደለም። ኤ ማለት ጡቱ በአብዛኛው ስብ ነው፤ ዲ ማለት ደግሞ በአብዛኛው የወተት ዕጢና ማያያዣ ሥጋ ነው። ሲና ዲ «ጥቅጥቅ ያለ» ይባላሉ። ይህ በእጅ ዳስሶ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የሚታየው በምስሉ ላይ ብቻ ነው።

ጥግግት የሚያሳስበው በዋናነት ዕይታን ስለሚጋርድ ነው። በማሞግራም ላይ ስብ ጥቁር ሆኖ ሲታይ የወተት ዕጢው ነጭ ነው፤ ካንሰርም ነጭ ነው። በጥቁር መሬት ላይ የወደቀ ጥጥ ከሩቅ ይታያል፤ በነጭ ጋቢ ላይ ከወደቀ ግን ማን ያየዋል? በተጨማሪም ጥቅጥቅ ያለ ጡት የካንሰርን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ፊደሉ ሲ ወይም ዲ ከሆነ «አልትራሳውንድ ይጨመርልኝ ወይ?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው። አልትራሳውንድ ማሞግራም ያላየውን ሊያገኝ ይችላል፤ በዚያው ልክ ግን ጉዳት የሌለውን እብጠት አሳይቶ ላላስፈላጊ የሥጋ ናሙና ምርመራ ሊዳርግ ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ፦ «4ሲ» ተብሎ ከተጻፈ ፊደሉ የቁጥሩ አካል ነው እንጂ ጥግግት አይደለም። ያ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ50 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው።

3. ቁጥሩን አንብቡ። 1 እና 2 ለካንሰር የሚያሠጋ ነገር አልታየም ማለት ነው። 6 አስቀድሞ በናሙና ለተረጋገጠ ካንሰር ነው። መጠንቀቅ ያለብን በ0፣ በ3፣ በ4 እና በ5 ላይ ነው።

ከቡሬ ተነስታ የተመረመረች የ46 ዓመት ሴት አለች እንበል። ወረቀቷ «ጥግግት ሲ፤ በግራ ጡት ወደ ብብት በኩል ከቀኙ የማይመሳሰል ነጭ ቦታ፤ ባይራድስ 0» ይላል። 0 ማለት ምርመራው አላለቀም ማለት ነው። ቀጥሎ ቦታውን ለብቻው ተጭኖ የሚያነሳ ተጨማሪ ምስልና አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል። ከዚህ በፊት ማሞግራም ተነስታ ከሆነ የድሮውን ፊልም ወይም ሲዲ ይዛ ትሂድ፤ ቦታው ከዓመታት በፊትም እንዲሁ ከነበረ ጥያቄው እዚያው ሊዘጋ ይችላል። ወረቀቱን ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ምስልን ከምስል ጋር ነው።

አልትራሳውንዱ ንጹህ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካሳየ ቁጥሯ 2 ይሆናል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ሞላላ ጠጣር እብጠት ከሆነ 3 ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ጠርዙ የተዛባ ከሆነ ግን ወደ 4 ወይም 5 ይሄዳል።

4. ቁጥሩ 3 ከሆነ ቀን ቁረጡ። ክትትሉ በተለምዶ በ6 ወር፣ በ12 ወርና በ24 ወር ነው። በጥቅምት የተነሳች ሴት በሚያዝያ ትመለሳለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ወር ቀይራችሁ ጻፉት። በሚያዝያ እብጠቱ ካላደገ ክትትሉ ገና አላለቀም፤ 2 ዓመት ሳይለወጥ ከቆየ ነው ወደ 2 የሚወርደው።

5. ቁጥሩ 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና ይወሰዳል። በቀጭን መርፌ ከሚቀዳው ይልቅ ወፍራሙ መርፌ ቁራጭ ሥጋ ስለሚያወጣ ይመረጣል፤ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ለሕክምና የሚያስፈልገው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራም ከዚያው ቁራጭ ይሠራል። ምስሉ 5 ብሎ ናሙናው «ካንሰር የለም» ካለ እፎይ ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። መርፌው ቦታውን ስቶ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው እንዲደገም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

6. እጃችሁ እብጠት ካገኘ ወረቀቱ 1 ቢልም ተመለሱ፤ በተለይ ጥግግቱ ሲ ወይም ዲ ከሆነ። አልትራሳውንድ ለሚሠራው ባለሙያ እብጠቱ ያለበትን ቦታ በራሳችሁ ጣት አሳዩት።