የፔንዱለሙ ቆጠራ ለምን አነሰ?

ለልጄ የፊዚክስ ሙከራ ውሃ የሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በ50 ሳንቲሜትር ክር አንጠለጠልን። ቀመሩ ይኸው፦

```
T = 2π√(L/g)
```

ርዝመቱ L 0.5 ሜትር፣ የመሬት ስበት g 9.8 ሲሆን አንድ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ T 1.42 ሰከንድ ነው። 60ን ለዚህ ስናካፍል 42 ውዝዋዜ ይመጣል። በሞባይል ሰዓት ስንቆጥር ግን 39 ሳይሞላ ደቂቃው አለቀ።

ጣጣው L ላይ ነበር። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ክሩ ጫፍ ሳይሆን እስከ ክብደቱ መሃል ነው። ክሩ ከታሰረበት አንገት እስከ ጠርሙሱ መሃል 10 ሳንቲሜትር አለ። L 0.6 ሲሆን T 1.55፣ በደቂቃ 38 ተኩል ገደማ። ገጠመ! (አንድ ውዝዋዜ ማለት ሄዶ መመለሱ ነው፤ መሄዱንም መምጣቱንም ለየብቻ የቆጠረ እጥፉን ያገኛል።)

ግማሹን ውሃ ብትደፉት የክብደቱ መሃል ወደ ታች ስለሚወርድ ቆጠራው ይብሱን ያንሳል።